ከስልሳ ሃምሳ ሰባት ያመጣው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ልጆቻቸውን በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ የሥጋ ተቆጣጣሪ መሆን የሚመኝ አንድ ጅብ ነበር። ቄራው በር ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ «ይሄ ይለፍ፣ ይሄ ይቅር» ሊል። የሚቀረው ሥጋ ወዴት እንደሚሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ምኞት አይከለከል። እዚያ ለመድረስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ዋና ፈተና ማለፍ አለበት። ከጅብ ዘር ደግሞ ያንን ፈተና ያለፈ የለም። እናቱ «አንተ እንኳ አሳየኝ» እያለች ጠዋት ማታ ትመርቀዋለች።

ዋናው ፈተና ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው የሒሳብ መምህሩ ኤሊ የሞዴል ፈተና አዘጋጁ። ስልሳ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ፣ መኮራረጅ እንዳይኖር በሁለት ኮድ። ለተማሪ የሚታደለው ታሽጎ ተቀመጠ፤ የመምህሩ የራሳቸው ቅጂ ግን ከነመልሱ ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ይህን ወሬ ለጅብ ያደረሰችው የክፍል ጓደኛው ቀበሮ ናት።

«አያ ጅቦ፣ መሳቢያው ቁልፍ የለውም» አለችው በለሆሳስ። «ዘበኛው ውሻም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያንኮራፋል።»

«አንቺስ አትመጪም?»

«የኔ ዓይን ጨለማ አይችልም። ላንተ ብዬ ነው እንጂ።»

የቀበሮ ዓይን ጨለማ አልችል ሲል የሰማ ማን አለ? ጅብ ግን ሰማ፤ ሰምቶም አመነ።

በዚያው ሌሊት በመስኮት ገባ። የስልኩን ፍላሽ አጠፋ፤ ብልጭ ካለ ውሻው ይነቃል። የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ጥጉ ላይ በስቴፕለር የተያዘውን ወረቀት በክርኑ ተጭኖ፣ አንድ አንድ ገጽ እየገለጠ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ጀመር። ሁለት ገጽ ደበዘዘበት፤ ደግሞ አነሳቸው። መጨረሻ ላይ የመልሱ ገጽ መጣ፦ በግራ ኮድ አንድ፣ በቀኝ ኮድ ሁለት። ይህን ሲያይ ለሃጩን መያዝ አቃተው፤ ስልኩ ሌንስ ላይ ጠብ አለና የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ጭጋግ ለበሱ።

«ሃምሳ ሰባትም አያንስ» አለና ወጣ።

ጠዋት ለቀበሮ «በቴሌግራም ልላክልሽ?» አላት።

«ስልኬ ሞልቷል። አንተ ብቻ በርታ።»

በረታ። ሦስት ቀን ሙሉ ዳዊት እንደሚደግም ሰው «ሐ፣ ሀ፣ መ፣ መ፣ ለ» እያለ በየመንገዱ ሄደ። የትኛው ኮድ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ የሁለቱንም ሸመደደ፤ መቶ አሥራ አራት ፊደል። ጥያቄዎቹን አንዴም አላነበባቸውም፤ መልስ ካለ ጥያቄ ምን ያደርጋል? በዚያ ላብ ሒሳቡን ቢማርበት ኖሮ ሁለት ምዕራፍ ይጨርስ ነበር።

ፈተናው ተሰጠ፣ ውጤቱም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጅብ ከስልሳ ሃምሳ ሰባት፣ አንደኛ። ቀበሮ ሃያ ሰባት። አህያ አሥራ ዘጠኝ። የጅብ እናት ማንበብ ባትችልም የልጇን ስም በሰው አስጠቁማ፣ በየቀኑ እየመጣች አቧራውን በጭራዋ ታብስለት ጀመር።

ከውጤቱ ሥር ግን የኤሊ ማስታወቂያ ነበር። ከሠላሳ በታች ያመጡት አሥራ ሁለት ተማሪዎች ማጠናከሪያ ክፍል ይገባሉ፤ መምህሩ የእያንዳንዱን ስህተት ይዘው ከሥሩ ያስረዳሉ። ከሃምሳ በላይ ያመጣ ትምህርቱ ስለገባው፣ ከሰዓት በኋላ የቡድን አለቃ ሆኖ የደከመ ጓደኛውን ያስጠናል።

ለጅብ አህያ ደረሰችው። ደወል እስኪደወል ጓደኛን መብላት በትምህርት ቤቱ ደንብ ስለተከለከለ ሁለቱ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

«አለቃ» አለች አህያ፣ «አሥራ አራተኛው ላይ አንዱ ምንጭ ገንዳውን በስድስት ሰዓት፣ ሌላው በሦስት ሰዓት ይሞላዋል ይላል። አብረው ቢለቀቁስ በስንት ሰዓት ይሞላል? እኔ ደምሬ ዘጠኝ አልኩና ተሳሳትኩ። ለምን?»

«መልሱ ‹ሐ› ነው።»

«እሱንማ መምህር ነግረውናል፤ ሁለት ሰዓት ነው። ለምን ሁለት ሆነ?»

«‹ሐ› ስለሆነ።»

አህያ ጆሮዋን አዞረች። «እሺ፣ ሁለተኛውም ምንጭ በስድስት ሰዓት የሚሞላ ቢሆንስ?»

ጅብ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ። «‹ሐ›» አለ።

«አለቃ፣ ምርጫ አልሰጠሁህም እኮ።»

አህያ እንጨት አንሥታ አፈሩ ላይ ጫረች። «ቆይ፣ ጠዋት ያስረዱንን ልሞክረው። የመጀመሪያው በአንድ ሰዓት አንድ ስድስተኛውን ይሞላል። ሁለተኛው አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም ሁለት ስድስተኛውን። ሲደመር ሦስት ስድስተኛ፣ ግማሽ ገንዳ። ግማሹ በአንድ ሰዓት ከሞላ ሙሉው በሁለት ሰዓት።» ቀና አለች። «ለካስ የሚደመረው ሰዓቱ ሳይሆን ሥራው ነው።»

ጅብ ራሱን ነቀነቀ፤ የነቀነቀው እንደ ገባው አለቃ ነው።

ማታ ስልኩን ከፈተ። የመልሱን ገጽ ዘግቶ ከጥያቄው ጋር ብቻ ሊታገል ፈለገ። አንደኛውን ጥያቄ ገና ሳያነበው ጆሮው ውስጥ «ሐ» አለው። ሁለተኛው «ሀ»። ሦስተኛው «መ»። እየሸሸ ሃምሳ ሰባተኛው ድረስ ሄደ፤ ፊደሉ እየቀደመ ይጠብቀዋል። የትኛውን እንደሚያውቅ፣ የትኛውን እንደማያውቅ እንኳ መለየት አቃተው። ስህተቱን በነፃ የሚነግረው አንድ ወረቀት ነበረው፤ እሱንም አፉን በመልስ ለጎመው። በስልሳው ጥያቄ ውስጥ አንድም የተማረው ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባው።

በነጋታው ቀበሮን ማጠናከሪያ ክፍሉ በር ላይ ደብተሯን አቅፋ አገኛት።

«ሁሉንም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ለምን አንቺ አልሠራሽበትም?»

«የማጠናከሪያው ወንበር አሥራ ሁለት ብቻ እንደሆነ ቀድሜ ሰምቼ ነበር፣ አያ ጅቦ። የደከምነው ደግሞ ካንተ ጋር ሆነን አሥራ ሦስት ነበርን» አለችና ገባች።

ጅብ እየሮጠ ኤሊ ዘንድ ሄደ።

«መምህር፣ እኔንም ያስገቡኝ። ቆሜም ቢሆን እማራለሁ።»

«ሃምሳ ሰባት አምጥተህ?»

«እሱ... በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን ከመሳቢያዎ የመጣ ነው።»

ኤሊ አንገታቸውን አውጥተው አዩት። «እንግዲያው ውጤቱን ሰርዤ ዜሮ እጽፍልሃለሁ። ስምህ ከታች ይሆናል፤ አንተም ትገባለህ። ከአህያ ጎን ትጠጋለህ።»

ጅብ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እናቱ ሰሌዳው ሥር ቆማ ለአንዲት ጎረቤት ስሙን እያሳየች ነው።

«ሃምሳ ሰባቱም ይቆይልኝ፣ ወንበሩም ይሰጠኝስ ቢሆን?»

«አይሆንም፣ ልጄ። አንዱን ነው።»

«እንግዲያው... ሰሌዳው ይቆይ» አለ ጅብ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ዋናው ፈተና እስኪደርስ ድረስ፣ የትምህርት ቤቱ አንደኛ ተማሪ ከወደቁት ተማሪዎች ክፍል ውጭ፣ መስኮቱ ሥር አጎንብሶ ግማሽ ግማሹን ይሰማ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ግማሹም ይጠፋበታል። አንድ ቀን ፍየል ስታልፍ አየችው።

«አለቃ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

ጅብ ደብተሩን ብብቱ ሥር ወሸቀ። «የቡድኔን ልጆች እየተቆጣጠርኩ ነው» አለ።

ከዚህ የምንማረው በሙከራ ፈተና መልስ የሰረቀ ሕመሙን ደብቆ ሐኪም ዘንድ እንደ ሄደ በሽተኛ «ደህና ነህ» ተብሎ ከነሕመሙ የሚመለስ መሆኑን ነው።